ቁጥሩ ያው፣ ቻቱ የት ሄደ?

አዲስ ስልክ የገዛ ሰው ሲሙን ከአሮጌው አውጥቶ ወደ አዲሱ ያስገባል፤ ዋትሳፕን ይጭናል፤ በኤስኤምኤስ የመጣለትን ባለ 6 አኃዝ ኮድ ይሞላል። አፑ ሲከፈት የፕሮፋይል ፎቶው አለ። የዕድሩ ግሩፕ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ግሩፕ፣ የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ በየስማቸው ተደርድረዋል። ሁሉ ነገር የመጣ ይመስላል። አንዱን ግሩፕ ሲከፍት ግን ውስጡ ባዶ ነው፤ ትናንት ማታ የተባለው እንኳ የለም። ከወንድሙ፣ ከደንበኛው፣ ከጓደኛው ጋር ለየብቻ ያወራው ደግሞ ጭራሽ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ይህ የአፑ ብልሽት አይደለም። ዋትሳፕ ሁለት ነገሮችን ለያይቶ ነው የሚይዘው። አንደኛው አካውንቱ ነው፦ ስልክ ቁጥሩ፣ የፕሮፋይል ፎቶው፣ ባለቤቱ አባል የሆነባቸው ግሩፖች። እነዚህ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለተመዘገቡ ቁጥሩ እንደተረጋገጠ ወዲያው ይመጣሉ። ሁለተኛው ቻቱ ራሱ ነው፦ ጽሑፉ፣ ፎቶው፣ የድምፅ መልእክቱ፣ የተላከው ደረሰኝ። መልእክት ከላኪው ስልክ ተመስጥሮ ይወጣና የሚፈታው ተቀባዩ ስልክ ላይ ነው፤ ከደረሰ በኋላ ሰርቨሩ አያቆየውም። የተቀባዩ ስልክ ተዘግቶ ከሆነ እስከ 30 ቀን ይጠበቅለታል፤ ከዚያ ካለፈ ይሰረዛል። ስለዚህ የዓመታቱ ቻት ያለው አሮጌው ስልክ ውስጥ ነው። ቅጂ ካልተወሰደለት በስተቀር ከዚያ ውጭ የትም የለም።

ቴሌግራም የለመደ ሰው በዚህ መገረሙ አይቀርም። ቴሌግራም ተራ ቻቶችን በራሱ ሰርቨሮች ላይ ስለሚያስቀምጥ አዲስ ስልክ ላይ በዚያው ቁጥር መግባት ብቻ ይበቃል፤ ከስንት ዓመት በፊት የተጻፈው ሁሉ ወደ ላይ ሲሳብ ይገኛል። ከዚህ የሚለየው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ነው። እሱ የተጀመረበት ስልክ ላይ ብቻ ስለሚኖር በምንም መንገድ ወደ ሌላ አይሄድም። ዋትሳፕ ላይ ግን ዕቃውን የሚያጓጉዘው ባለቤቱ ራሱ ነው።

ታዲያ ቁጥሩ አለመቀየሩ ምን ይጠቅማል? ብዙ ይጠቅማል። አንድሮይድ ላይ ቻቱ ባክአፕ ሲደረግ የሚወጣው ፋይል የተቆለፈ ነው፤ በፍላሽ ቀድቶ ኮምፒውተር ላይ ቢከፍቱት የሚነበብ ነገር የለውም። መክፈቻው የሚገኘው አዲሱ ስልክ ላይ ያው ቁጥር በኮድ ሲረጋገጥ ነው። በሌላ ቁጥር የገባ ሰው ፋይሉ በእጁ እያለ አይከፈትለትም። ስልክም ቁጥርም ሊቀይር ያሰበ ሰው በመጀመሪያ በአሮጌው ቁጥር ቻቱን ወደ አዲሱ ስልክ ያሻግራል፤ ቁጥሩን የሚቀይረው ከዚያ በኋላ በአፑ ውስጥ ነው።

ሥራው በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እንውሰድ። ወንድሟ ዱባይ ሆኖ የጨርቅ ናሙና በፎቶ ይልክላታል፤ ዋጋውን በድምፅ ይነግራታል፤ እሷ የባንክ ማስተላለፊያውን ፎቶ አንስታ ትመልስለታለች። የአምስት ዓመት የሒሳብ መዝገቧ ዋትሳፕ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሮጌው ስልኳ ሳምሰንግ፣ አዲሱ ቴክኖ ነው። ሁለቱም አንድሮይድ ናቸው።

የመጀመሪያ ሥራዋ የሚሻገረውን መጠን ማወቅ ነው። በአሮጌው ስልክ Settings፣ ከዚያ Storage and data፣ ከዚያ Manage storage ስትገባ ዋትሳፕ የያዘው ቦታ ይታያል፤ 9 ጊጋባይት ነው እንበል። ቀጥላ Settings፣ Chats፣ Chat backup ትከፍታለች። እዚህ ገጽ ላይ ሁለት ቀኖች አሉ። አንዱ ስልኩ ውስጥ ራሱ የተቀመጠው ቅጂ መቼ እንደተሠራ ይናገራል፤ ሁለተኛው ጉግል ላይ የተጫነው መቼ እንደሆነ። የመጀመሪያው «ዛሬ ሌሊት» ይላል። ሁለተኛው ጋ ምንም ቀን የለም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ቻቱን የሚያጣው በዚህች ክፍተት ነውና። ዋትሳፕ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኩ ውስጥ አንድ ቅጂ ይሠራል። ይህ ያለ ኢንተርኔት የሚከናወን ስለሆነ ስልኩ ክፍት እስከሆነ ድረስ አይቀርም። ያንን ቅጂ ወደ ጉግል የመጫኑ ሥራ ግን ባለቤቱ ካልቀየረው በስተቀር ዋይፋይ ይጠብቃል፤ በሞባይል ዳታ አይነካውም። ቤቷም ሱቋም ዋይፋይ የሌላት፣ ሁልጊዜ በጥቅል ዳታ የምትጠቀም ነጋዴ «ባክአፕ አብርቻለሁ» ብላ ዓመታት ልታስቆጥር ትችላለች፤ ጉግል ላይ ግን አንድ መልእክት እንኳ የላትም። ሌላም እንቅፋት አለ። የአንድሮይድ ዋትሳፕ ባክአፕ ቀድሞ ከጉግል ነፃ ቦታ ላይ አይቆጠርም ነበር፤ ከ2024 ወዲህ ግን ኢሜይልና ፎቶ ከሚጋሩት 15 ጊጋባይት ላይ ይቀነሳል። ቦታው በፎቶ ከሞላ ባክአፑ ይቆማል።

ነጋዴዋ ሁለቱም ስልኮች በእጇ ስላሉ ጉግል ጭራሽ አያስፈልጋትም። ዋትሳፕ ከ2023 ጀምሮ ቻትን ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ ማሻገሪያ አለው፤ Transfer chats ይባላል። አሮጌውና አዲሱ አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ ማለትም ከአንድሮይድ ወደ አንድሮይድ ወይም ከአይፎን ወደ አይፎን ሲሆን ይሠራል። ስልኮቹ በዋይፋይ እርስ በርሳቸው ስለሚገናኙ 9 ጊጋባይቱ ከዳታ ጥቅሏ ላይ አይቆረጥም። ኢንተርኔት የምትፈልገው አፑን ለመጫንና ቁጥሩን ለማረጋገጥ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በሁለቱም ስልኮች ዋትሳፕ በአዲሱ እትም መሆኑን ታረጋግጣለች። ዋይፋይና ሎኬሽን ሁለቱም ላይ ታበራለች፤ ዋይፋዩ ከምንም ጋር ባይያያዝም መብራቱ ነው የሚፈለገው። ከዚያ በአሮጌው ስልክ Settings፣ Chats፣ Transfer chats ገብታ Start ትላለች። አዲሱ ላይ ዋትሳፕን ከፍታ ቁጥሯን ታስገባለች። ሲሙ አሮጌው ውስጥ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ኮዱ በኤስኤምኤስ እዚያ ሲመጣ አንብባ አዲሱ ላይ ትጽፈዋለች። ኮዱ እንደተረጋገጠ አዲሱ ስልክ ቻት ከአሮጌ ስልክ ለማምጣት ይጠይቃታል። ስትቀጥልና የተጠየቀውን ፈቃድ ስትሰጥ አዲሱ ስልክ ኪውአር ኮድ ያወጣል፤ ያንን በአሮጌው ስልክ ካሜራ ታነበዋለች። «ይገናኙ?» የሚለውን ስትቀበል ማሻገሩ ይጀመራል።

የሚፈጀው ጊዜ እንደ መጠኑ ነው። ሁለቱ ስልኮች ተቀራርበው፣ ዋትሳፕ በሁለቱም ላይ እንደተከፈተ መቆየት አለባቸው። መሀል ላይ አንዱ ባትሪ ጨርሶ ቢጠፋ ሥራው ይቋረጣል፤ ስለዚህ ቻርጅ ላይ ሰክቶ መጀመር ይሻላል። ተቋርጦም ቢሆን ከአሮጌው ስልክ ላይ የሚጎድል ነገር የለም። የሚሄደው ቅጂው ነው፤ ዋናው አፑ እስኪጠፋ ወይም ስልኩ ሪሴት እስኪደረግ ድረስ ባለበት ይቆያል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን እዚህ ሳይሆን ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ዋትሳፕ ቻት የመመለስን ጥያቄ የሚያቀርበው ቁጥር ሲረጋገጥ ነው። ያን ሰዓት የቸኮለ ሰው፣ ወይም አዲሱን ስልክ የሚያስተካክልለት የሱቅ ልጅ፣ Skip ብሎ ያልፋል። ከዚያ በኋላ በ Settings ውስጥ ቢበረብሩ «አሮጌውን አምጣ» የሚል ቁልፍ አይገኝም። ይባስ ብሎ ያ ባዶ ስልክ ከጉግል አካውንቱ ጋር ከተያያዘ በዚያው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ባክአፕ ይጀምራል። ጉግል ላይ የሚቀመጠው ደግሞ የመጨረሻው ባክአፕ ብቻ ነው። ስለዚህ የአምስት ዓመቱ ቻት በአንድ ቀኑ ቻት ሊተካ ይችላል።

Skip ተብሎ ከሆነ መፍትሔው በዚያው ቀን መሥራት ነው። በመጀመሪያ በአዲሱ ስልክ Chat backup ውስጥ ወደ ጉግል የሚጭነው ይጠፋል። አሮጌው ስልክ ካልተነካ በአሮጌው ላይ በዚያው ቁጥር እንደገና ገብቶ፣ ቻቱ መኖሩን አይቶ፣ ዋትሳፕን ከአዲሱ ላይ አንስቶ ማሻገሩን ከመጀመሪያው መጀመር ይቻላል። ይህ ዋጋ አለው። በመሀሉ አዲሱ ስልክ ላይ የተጻፉት መልእክቶች ከአሮጌው ጋር አይቀላቀሉም፤ ዋትሳፕ ሁለት የቻት ታሪክ አንድ ላይ አያዋህድም። የሰዓታት ልዩነት ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ወር ከቆየ ግን አንዱን መምረጥ ይመጣል። ቁጥሩን በተደጋጋሚ ማረጋገጥም ኮድ እንደገና ለመጠየቅ የሚያስጠብቀውን ጊዜ እያራዘመው ይሄዳል።

ቀጥታ ማሻገሩ እምቢ ሲል አንድሮይድ ላይ ሌላ መንገድ አለ፤ ፎልደሩን እንዳለ መቅዳት። በአሮጌው ስልክ Chat backup ገብተው Back up ሲጫኑ የመጨረሻው ቅጂ ይሠራል። ከዚያ ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ይህን ፎልደር መውሰድ ነው፦

```
Android/media/com.whatsapp/WhatsApp
```

በውስጡ Databases የሚባለው ጽሑፉን፣ Media የሚባለው ደግሞ ፎቶውን፣ ቪዲዮውንና የድምፅ መልእክቱን ይዟል። አዲሱ ስልክ ላይ ዋትሳፕ ተጭኖ ሳይከፈት ፎልደሩ በዚያው አድራሻ ይቀመጣል። ከዚያ አፑ ተከፍቶ ቁጥሩ ሲረጋገጥ ቅጂውን አግኝቶ Restore ይላል። Databases ብቻ ተቀድቶ Media ከተረሳ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጽሑፉ ሁሉ አለ፣ ፎቶዎቹ ግን ደብዘው ይታያሉ፣ የድምፅ መልእክቶቹም ሲነኩ አይናገሩም። ለነጋዴዋ ይህ ማለት ዋጋው ጠፍቶ «እሺ» የሚለው መልሷ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

ከአንድሮይድ ወደ አይፎን መሄድ ሌላ ጉዳይ ነው። የአንድሮይድ ባክአፕ ጉግል ላይ፣ የአይፎኑ አይክላውድ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ የሌላውን አያነብም። ዘመድ ከአሜሪካ አይፎን ሲያመጣ የሚፈጠረው ችግር ከዚህ ይመነጫል። ስልኩ ሻንጣ ውስጥ እያለ፣ ወይም ቦሌ እንደደረሰ፣ ለተቀባዩ ዝግጁ እንዲሆን ተብሎ ይከፈታል፤ አፕል አይዲ ይገባበታል፣ ፎቶ ይነሣበታል። ቻት ለማሻገር ግን አይፎኑ ከካርቶኑ እንደወጣ ወይም ሪሴት እንደተደረገ ሊሆን ይገባል፤ ሥራው የሚከናወነው ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስተካከል ነውና።

ለዚህ አፕል የሠራው Move to iOS የሚባል አፕ አሮጌው አንድሮይድ ላይ ይጫናል፤ ዋትሳፕ ከ2022 ጀምሮ በእሱ በኩል ያልፋል። አይፎኑ ሲስተካከል ከአንድሮይድ ዕቃ ማምጣትን ሲመርጡ የቁጥር ኮድ ያወጣል፤ ኮዱ አንድሮይዱ ላይ ይጻፋል። ከሚተላለፉት ዝርዝር ውስጥ WhatsApp ሲመረጥ አንድሮይዱ ላይ ዋትሳፕ ተከፍቶ ቻቱን ማዘጋጀት ይጀምራል፤ ሲጨርስ ከአሮጌው ይወጣል። ማሻገሩ ካለቀ በኋላ አይፎኑ ላይ ዋትሳፕ ተጭኖ በዚያው ቁጥር ሲገባ ቻቱ ይመጣል። ሁለቱም ስልኮች ቻርጅ ላይ መሆን አለባቸው። የጥሪ ዝርዝር በዚህ መንገድ አይሻገርም። ከአይፎን ወደ አንድሮይድ መመለስም ይቻላል፤ እሱም አዲሱ አንድሮይድ ገና ሲስተካከል፣ ሁለቱን ስልኮች በኬብል አገናኝቶ የሚሠራ ነው።

አሮጌው ስልክ በእጅ ከሌለስ? ታክሲ ውስጥ የተሰረቀበት ሰው ሲሙን አስተክቶ ያው ቁጥሩን ያገኛል፤ ዋትሳፕ አካውንቱም ይመለስለታል። ሳይደርሱት የቆዩ መልእክቶች 30 ቀን ካልሞላቸው ይገባሉ። የቀድሞው ቻት ግን ከጉግል ወይም ከአይክላውድ ባክአፕ ብቻ ነው የሚገኘው። ለዚያ ደግሞ ሁለት ነገር መታወስ አለበት፤ ባክአፑ የተሠራበት የጉግል አካውንትና ፓስወርዱ። ብዙ አንድሮይድ ስልክ ሱቅ ውስጥ በተከፈተ ኢሜይል ስለሚጀመር ባለቤቱ አድራሻውን አያውቀውም። አዲሱ ስልክ ላይ ሌላ ጉግል አካውንት ከገባ ዋትሳፕ ምንም ባክአፕ እንዳላገኘ ይናገራል፤ ባክአፑ ግን በሌላኛው ኢሜይል ስር ተቀምጧል። ይህ ሲገጥም Skip ከማለት በፊት ትክክለኛውን ኢሜይል ስልኩ ላይ ጨምሮ እንደገና መሞከር ነው።

ጥበቃ የጨመረ ሰው ሁለት ተጨማሪ በሮች ያጋጥሙታል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያበራ ከኤስኤምኤሱ ኮድ በተጨማሪ ራሱ ያወጣውን ባለ 6 አኃዝ ፒን ይጠየቃል። ረስቶት፣ የማስመለሻ ኢሜይልም ካላስመዘገበ 7 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ባክአፑን ራሱ በፓስወርድ ወይም በ64 አኃዝ ቁልፍ ያስቆለፈ ደግሞ ያንን ካጣው ቻቱን ማንም አይከፍትለትም፤ ዋትሳፕ ራሱ ፓስወርዱን አያውቀውም። እነዚህን ሁለቱን አሮጌው ስልክ እየሠራ ሳለ ማየት ይሻላል፤ ፒኑንም ሆነ ፓስወርዱን ከዚያ ላይ መቀየር ይቻላልና።

ወደ ነጋዴዋ ስንመለስ፣ አዲሱ ስልክ መጨረሱን ሲነግራት ገና ማረጋገጥ ይቀራታል። የወንድሟን ቻት እስከ መጀመሪያው መልእክት ወደ ላይ ትስባለች። ከሁለት ዓመት በፊት የመጣ አንድ የድምፅ መልእክት ታጫውታለች፤ አንድ የባንክ ደረሰኝ ከፍታ ቁጥሩ ተነባቢ መሆኑን ታያለች። Manage storage ውስጥ ያለው መጠን ከአሮጌው 9 ጊጋባይት ጋር ሲነጻጸር በጣም ካነሰ ፎቶና ድምፁ ሙሉ በሙሉ አልመጣም። ከጉግል ወይም ከአይክላውድ ያስመለሰ ሰው ግን ወዲያው አይደንግጥ፤ ጽሑፉ ቀድሞ ይወርድና ፎቶና ቪዲዮው ከኋላ እየተከታተለ ይገባል፤ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ከሆነ ሰዓታት ይወስዳል።

ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ከፍታ የምትሠራበት ዋትሳፕ ስልክ ስትቀይር ስለሚዘጋ በአዲሱ ስልክ Linked devices ገብታ ኪውአር ኮዱን እንደገና ማንበብ አለባት። አሮጌውን ሳምሰንግ ለእህቷ ልጅ ልትሰጠው ብታስብም ለጥቂት ሳምንታት መሳቢያ ውስጥ ብታቆየው ይመረጣል፤ የጎደለ ደረሰኝ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ሒሳብ ሲወራረድ ነው። ከዚያ ስልኩ ሪሴት ይደረጋል። ቴሌግራም ግን እንደ ዋትሳፕ አሮጌውን በራሱ ስለማያስወጣ፣ በአዲሱ ስልክ Settings ውስጥ Devices የሚለው ተከፍቶ የሳምሰንጉ ስም ከዝርዝሩ ላይ መሰረዝ ይኖርበታል።